ስማቸውን አቀያይሩና ፍረዱ

ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ ዶዮገና

አንጋቦንና ፐርሲየስን አወዳድራችሁ የጻፋችሁትን አንድ በአንድ አነበብኩት። የሚበዛው ማወዳደር ሳይሆን ክስ ነው። ለአንዱ ጠበቃ ቆማችሁለታል፣ በሌላው ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆናችኋል፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ግን አላገኘሁም። ምላሳችሁ ስል ነውና እኔም በስለት እመልሳለሁ። ያላችሁትን እየጠቀስኩ፣ መልሴን እያስከተልኩ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ሁለቱን ታሪኮች አጠር አድርገን እናስታውስ፤ ከመካከላችሁ አንዱን ብቻ አንብቦ ስለ ሁለቱም የፈረደ አለና።

በእኛ አገር ትረካ ዘንዶው ንጉሥ ነበር። አርዌ ይሉታል፣ በአንዳንድ ትረካ ደግሞ ዋይናባ። 400 ዓመት ገዛ ይባላል፤ ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር። አንጋቦ የሚባል ሰው መጣ፤ አጋቦስ የሚሉትም አሉ። «ብገድለው ታነግሡኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ እሺ አሉት። በአንዱ ትረካ ዘንዶው በሚመጣበት መንገድ የብረት መሣሪያ ቀበረ፤ ከዚያም መርዝ የበላ ግልገል አቀረበለት። ታሪኩን በሚያሳዩ ሥዕሎች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍየል ነው። ዘንዶው በላ፣ ሞተ፤ አንጋቦም ነገሠ። በብዙው ትረካ ከእሱ ቀጥላ የነገሠችው ልጁ ማክዳ ናት፣ ንግሥተ ሳባ።

በግሪኮች ትረካ ደግሞ ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ሚስቱ ካሲዮፒያ ከባሕር ልዕልቶች የበለጠ ውብ ነኝ ብላ ተመጻደቀች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣ፤ ጎርፍና የባሕር አውሬ ላከ። ንጉሡ መፍትሔው ምንድን ነው ብሎ ቢያስጠይቅ «ልጅህን አንድሮሜዳን ለአውሬው ስጥ» የሚል መልስ መጣለት። ልጅቷ በባሕር ዳር ከቋጥኝ ጋር ታሰረች። ፐርሲየስ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ በከረጢት ይዞ ሲመለስ አያት፤ አውሬውን ገደለ፣ አገባትም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

«ቲቸር፣ አንጋቦ መርዝ አብልቶ ነው የገደለው፤ ይሄ ተንኮል ነው። ፐርሲየስ ግን በብልሃት ነው ድል ያደረገው።»

እንደዚህ የሚል ዐረፍተ ነገር ከብዙዎቻችሁ ወረቀት ላይ አገኘሁ። ልጄ፣ ሜዱሳ ስትገደል ምን ላይ ነበረች? ተኝታ ነበር። ፐርሲየስ ፊቷን ሊያያት ስለማይችል (ያያት ሁሉ ድንጋይ ይሆናል) የነሐስ ጋሻ እንደ መስተዋት ይዞ፣ ምስሏን ጋሻው ላይ እያየ አንገቷን ቆረጠ። የተኛ ጠላት አንገት መቁረጥ ብልሃት ከተባለ፣ ለራበው ዘንዶ የተመረዘ ፍየል መስጠት በምን ሂሳብ ተንኮል ሆነ? ሁለቱም ፊት ለፊት ቢገጥሙ እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ሁለቱም የጠላታቸውን ልማድ አጥንተው በዚያው ገቡ፦ አንዱ በእንቅልፍ፣ ሌላው በሆድ። ወይ ሁለቱንም ብልህ በሏቸው፣ ወይ ሁለቱንም ተንኮለኛ። ለአንዱ ምርቃት ለሌላው እርግማን ግን አይሆንም።

ለዚህ በሽታ የምሰጣችሁ መድኃኒት አንድ ነው። የጻፋችሁትን አንቀጽ አንሡና ስሞቹን ብቻ አቀያይሩ። አንጋቦ ያለበት ቦታ ፐርሲየስን አስገቡ፣ ፐርሲየስ ያለበት አንጋቦን፤ ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ጆሯችሁን ከቆረቆረው፣ ፍርዱ የመጣው ከሥራቸው ሳይሆን ከስማቸው ነው ማለት ነው። ካልቆረቆረው ዐረፍተ ነገሩ ሚዛኑን ጠብቋል። ይህን ሳታደርጉ ወረቀት አታምጡልኝ።

«ፐርሲየስ አውሬውን በሜዱሳ ራስ ድንጋይ አደረገው። ፊልሙን አይቻለሁ።»

ፊልሙን ማየትህ ጥሩ ነው። አንተ ግን «ፊልሙ እንዲህ ይላል» ብለህ መጻፍ ሲገባህ «ፐርሲየስ እንዲህ አደረገ» ብለህ ጻፍክ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ8 ዓ.ም. ገደማ በጨረሰው ሥራው ላይ አውሬው የሚሞተው በሰይፍ ነው። ፐርሲየስ ከአየር ላይ እየወረደ ይወጋዋል፤ የክንፍ ጫማው በደምና በባሕር ውኃ ስለራሰ አላምነው ብሎ ከውኃው ብቅ ያለች ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ በግራ እጁ ድንጋዩን ይዞ፣ በቀኙ ደጋግሞ እየወጋ ይጨርሰዋል። የሜዱሳ ራስ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጁን ሊታጠብ ሲል ራሷን የባሕር ሣር አንጥፎ ያስቀምጣታል፣ ሣሩም ይደርቅና ዛጎል ድንጋይ ይሆናል። ኦቪድ የባሕር ኮራል የተገኘው እንዲህ ነው ይላል። እስቲ ይህን አስተውሉት፦ ያየው ሁሉ ድንጋይ የሚሆንበት መሣሪያ በእጁ እያለ፣ አውሬውን በሰይፍ ነው የተጋፈጠው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን ጀግንነት ከፐርሲየስ ሰርቆታል። ለካ አለመጠንቀቅ የምትወደውንም ጀግና ይበድላል!

ስለ አንጋቦም እንዲሁ ነው። አንዷ «ክብረ ነገሥት ላይ እንደተጻፈው» ብላለች። የኔ ልጅ፣ ክብረ ነገሥት ማክዳን ሲያነሣ ንግሥት ሆና ነው የሚያነሣት፤ ዘንዶውና ፍየሉ እዚያ የሉም። እነሱ ያሉት ዘንዶውን በአገሪቱ ነገሥታት ዝርዝር መጀመሪያ ላይ በሚያስቀምጡ መዛግብት፣ በቃል ትረካና በሥዕል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሲሸጡ የኖሩትን የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች ታውቋቸዋላችሁ፦ ታሪኩ በትናንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል፣ በተርታ ይሳላል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዘንዶው ነው። ስለዚህ ስትጽፉ «በሥዕሉ ላይ»፣ «በቃል ትረካው»፣ «በኦቪድ» እያላችሁ ጻፉ። ሁለት ጀግና ስታወዳድሩ የምታወዳድሩት ሁለት ሰው አይደለም፤ ሁለት የተነገረ ነገር ነው። የትኛውን ንግግር እንደያዛችሁ ካልነገራችሁኝ የምከራከረው ከማን ጋር ነው?

«አንጋቦ ሥልጣን ፈልጎ ነው የገደለው። ፐርሲየስ ግን በፍቅር ነው።»

ወይ ፍቅር! ተማሪዎቼ፣ በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የተሳሳታችሁት እዚህ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚጣፍጠውም ይሄው ነውና።

ኦቪድን እንደገና አብረን እንየው። ፐርሲየስ ልጅቷን ቋጥኝ ላይ ሲያያት ሐውልት መስላው ነበር፤ ነፋስ ፀጉሯን ባያወዛውዘው፣ እንባዋም ባይፈስ ኖሮ። ደንግጦ ክንፉን ማርገብገብ ሊረሳ ምንም አልቀረውም። ፍቅር አለበት፣ አልክድም። ነገር ግን አውሬው እየቀረበ፣ እናትና አባት እያለቀሱ ሳለ ፐርሲየስ መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? ለማልቀስ ብዙ ጊዜ አላችሁ፣ ለማዳን ግን ጊዜው አጭር ነው አላቸው። ከዚያ ማን እንደሆነና ምን እንደሠራ ዘረዘረ፤ ባድናት የእኔ ትሁን ብሎም ውል አስገባቸው። ወላጆቿ እሺ ብቻ አላሉም፤ መንግሥታቸውንም ጥሎሽ አድርገው ጨመሩለት። ሰይፉን የመዘዘው ከዚህ በኋላ ነው። በግሪክኛ በአፖሎዶሮስ ስም የሚታወቀው የአፈ ታሪክ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል፦ መጀመሪያ ቃል ኪዳን፣ ቀጥሎ ግድያ።

ስለዚህ ሁለቱም ጀግኖች ከመግደላቸው በፊት ዋጋቸውን ተደራድረዋል። ይህ ተመሳሳይነት ከወረቀቶቻችሁ ውስጥ በአንዱም አልተጻፈም። ያላያችሁት አንዱን በመውደዳችሁ ነው፤ ለወደዳችሁት ዋጋውን ደበቃችሁለት፣ ለጠላችሁት ደግሞ አጎላችሁበት።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ልዩነት አለ፤ የሚታየው ግን ተመሳሳዩን ካስቀመጣችሁ በኋላ ነው። አንጋቦ የተደራደረው ከማን ጋር ነው? ከሕዝቡ ጋር፤ ዘንዶው ከሚበላቸው ሰዎች ጋር። ፐርሲየስ ግን የተደራደረው ከአባትና ከእናት ጋር ነው፣ ዋጋውም ሌላ ሰው ነው፦ አንድሮሜዳ። ልጅቷ ቀድሞ ለአጎቷ ለፊኔዎስ ታጭታ ነበር። ፊኔዎስ ሠርጉ ላይ ጦር ይዞ መጣ። በኦቪድ ትረካ የሠርጉ አዳራሽ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ከውጊያው የተረፉት 200 ሰዎችም የሜዱሳን ራስ ሲያዩ ድንጋይ ሆነው ቀሩ። የአንጋቦ ውል ግን በዘንዶው ሞት ይዘጋል። አንጋቦ ሲነግሥ ሌላ ሰው ተገደለ የሚል ትረካ እኔ በማውቃቸው ውስጥ የለም። ይህን ልዩነት ጻፉልኝ፤ ይህ ከጽሑፉ የወጣ ነውና ማንም አይነጥቃችሁም።

«ቲቸር፣ አንድሮሜዳ የኛ ናት። ፐርሲየስ ሌባ ነው፤ አስረክቡን!»

ከማን ላስረክብህ? የግሪኮች «ኢትዮጵያ» አንዴ ከግብፅ በታች፣ አንዴ በፀሐይ መውጫ ትገኛለች። የአንድሮሜዳን ቋጥኝ በያፋ፣ ዛሬ እስራኤል በሚባለው አገር ባሕር ዳር የሚያሳዩም ነበሩ። አገር መውደድህ ደስ ይለኛል፤ ያወዳድር የተባለ ሰው ግን በድንበር ጉዳይ አይፈርድም። የግሪክ ባለቅኔ የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ለምን የታሪኩ መሐል ላይ እንዳስቀመጣት ብትጠይቅ ግን ጥሩ ጥያቄ ይወጣሃል።

«ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም። ፐርሲየስ የአምላክ ልጅ ነው፤ የክንፍ ጫማ ተሰጥቶታል። አንጋቦ ፍየል ብቻ ነው የያዘው።»

ይህን ያልሽ ልጅ ልክ ነሽ፤ መደምደሚያሽ ግን ልክ አይደለም። የዶዮገና ልጅ ሆኖ ይህ የሚጠፋው ማን ነው? በማኅበር ተደራጅተው አውራ በግ የሚመርጡትን ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ግልገሎቹን ሲመዝኑ የስድስት ወሩን ከሦስት ወሩ ጋር አያወዳድሩም፤ ለብቻው የተወለደውንም ከመንታው ጋር እኩል አያዩትም፤ መንታው የእናቱን ጡት ተጋርቶ ነው ያደገው። ከሚዛኑ ቁጥር በፊት «ምን አግኝቶ ነው እዚህ የደረሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። መንታውን አያባርሩትም፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ አይወስዱም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፐርሲየስ ከኒምፎች የክንፍ ጫማና የሜዱሳን ራስ የሚይዝበት ከረጢት፣ የሚሰውር ቆብም አገኘ፤ ከሄርሜስ ማጭድ ተቀበለ፤ ሜዱሳን ሲመታ አቴና እጁን መርታለታለች። ይህን ሁሉ በአንድ ወገን ጻፉት፦ «የተሰጠው»። በሌላ ወገን ደግሞ «ራሱ ያደረገው» ብላችሁ ጻፉ፦ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ በሰይፍ የተዋጋው እዚህ ይገባል። ለአንጋቦም ሁለት ወገን አብጁ። «የተሰጠው» ቦታ ላይ የሕዝቡ ቃል ብቻ ይኖራል፤ «ያደረገው» ላይ መርዙ፣ ፍየሉ፣ በመንገዱ ላይ የተቀበረው ብረት። አንዳንድ ትረካ የዘንዶውን አስማት አመለጠ ይላል፤ እንዴት እንዳመለጠ ግን አይነግረንም። ያ ቦታ ባዶ ይቅር፤ ራሳችሁ አትሙሉት። ባዶ ቦታን በሚወዱት ጀግና በኩል በጀግንነት፣ በሚጠሉት በኩል በፍርሃት መሙላት የተለመደ ነው።

እንዲህ ሲደረግ አንዱ ሙሉ ገጽ፣ ሌላው ሦስት መስመር ይሆንባችኋል። አትደንግጡ። ፐርሲየስን ኦቪድ በብዙ መቶ ስንኞች ጽፎታል፤ ዩሪፒደስም በ412 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ አንድሮሜዳ ድራማ አሳይቶ ነበር፣ ዛሬ ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቷል። የአንጋቦ ታሪክ ግን በጥቂት መስመሮች ነው የደረሰን። ከመካከላችሁ አንዱ «የፐርሲየስ ባሕርይ ጥልቅ ነው፣ አንጋቦ ግን ባሕርይ የለውም» ብሏል። ባሕርይ ያጣው አንጋቦ ሳይሆን ትረካው ነው። አጭር የተነገረለት ሰው ትንሽ ሰው አይደለም። ኦቪድን ለመመዘን የትረካውን ጥበብ ጠይቁ፣ ፐርሲየስን ለመመዘን ሥራውን ጠይቁ፤ የባለቅኔውን ነጥብ ለጀግናው አትስጡ።

«ልጃገረዶቹስ? ስለ እነሱ ለምን አልጠየቁንም?»

ይህን የጠየቅሽው፣ ጥያቄሽ ከእኔ ጥያቄ ይበልጣል። ኦቪድ አንድሮሜዳን ያናግራታል። መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ እጇ ባይታሰር ኖሮ ፊቷን ትሸፍን ነበር ይላል። ፐርሲየስ ደጋግሞ ሲጠይቃት ጥፋቱ የእሷ እንዳይመስለው ፈርታ ስሟን፣ አገሯን፣ የእናቷንም ትዕቢት ትነግረዋለች። ተናግራ ሳትጨርስ ባሕሩ ይጮሃል፣ አውሬው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማንም ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አይጠይቃትም።

በእኛ በኩል ደግሞ ኤንኖ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ያሳተመው የትግረ ትረካ አለ። እዚያ አንጋቦ ጭራሽ የለም! ልጅቷ ለዘንዶው ግብር ተብላ ከዛፍ ጋር ታስራለች፤ ቅዱሳን ደርሰው ዘንዶውን ይገድሉታል፤ ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ተረከዝ ይሆናል። ሕዝቡ ግን እሷን ያነግሣታል። ወደ ሰሎሞን የምትሄደውም ለዚያ እግር ፈውስ ፍለጋ ነው። ስለዚህ የታሰረችውን ልጅ ከታሰረችው ልጅ ጋር አወዳድሩ፦ አንዷ ከቋጥኝ ተፈትታ ሚስት ሆነች፣ ሌላዋ ከዛፍ ተፈትታ ንግሥት ሆነች። «ጀግናው ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ በየትኛው ትረካ እንደቆማችሁ ይወሰናል።

አሁን ከተሰጡኝ አንቀጾች አንዱን እንዴት እንዳቃናሁት ላሳያችሁ። እንዲህ ይላል፦ «አንጋቦ ንግሥና የፈለገ ተንኮለኛ ሲሆን ፐርሲየስ ልጅቷን በፍቅር ያዳነ እውነተኛ ጀግና ነው።» ስሞቹን አቀያየርኩ፦ «ፐርሲየስ ንግሥና የፈለገ ተንኮለኛ ሲሆን አንጋቦ ልጅቷን በፍቅር ያዳነ እውነተኛ ጀግና ነው።» የመጀመሪያው ክፍል ያለ ምንም ችግር ሄደ፤ ፐርሲየስ መንግሥቱን በጥሎሽ ተቀብሏል፣ የተኛችንም ገድሏል። «በፍቅር» የሚለው ግን አልሄደም፤ አንጋቦ ማንንም አልወደደም። ስለዚህ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እውነተኛው ልዩነት ፍቅሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ጥላቻ ነበር። አቃናሁት፦ «ሁለቱም ከመግደላቸው በፊት ዋጋ ጠይቀዋል። በቃል ትረካው አንጋቦ ዙፋን ጠየቀ፣ የሰጠውም የተጨነቀው ሕዝብ ነው። በኦቪድ ፐርሲየስ የወደዳትን ልጅ ጠየቀ፣ የሰጡትም ወላጆቿ ናቸው፤ ከእሷ ጋር መንግሥትም አገኘ። የመጀመሪያው ውል በዘንዶው ሞት ሲያበቃ፣ ሁለተኛው ለሠርጉ ጦርነት ምክንያት ሆነ።» ረዘመ፣ አውቃለሁ። ግን ስሞቹን አቀያይራችሁ ሞክሩት፤ አይሄድም። አይሄድም ማለት አሁን እያንዳንዱ ቃል የባለቤቱን ሥራ ይዟል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለቱም ታሪኮች የተነገሩት የአውሬ መገደልን ለመተረክ ብቻ አይደለም። የአንጋቦ ታሪክ «ይህ ዘር ለምን ይነግሣል?» ለሚለው መልስ ነው። የፐርሲየስም እንዲሁ፤ ግሪኮች የሚኬኔ ከተማ መሥራች ያደርጉታል፤ ሄሮዶቱስ ደግሞ ፐርሲየስ ከአንድሮሜዳ የወለደው ፐርሴስ ወንድ ልጅ በሌለው በኬፌዎስ ዘንድ ቀረ፣ ፋርሶችም ስማቸውን ከእሱ አገኙ ይላል። እንግዲህ አንዱን «ፖለቲካ»፣ ሌላውን «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የከፈለ ሰው ካለ፣ ወረቀቱን ይዞ ይምጣና ስሞቹን በፊቴ ያቀያይርልኝ።

ለሰኞ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የምፈልገው፦ ሦስት ዐረፍተ ነገር ተመሳሳይነት፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር ልዩነት፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ትረካ እንደመጣ ተጽፎበት። ከሐምበሪቾ ተራራ ጋር የሚያያዝ የጥንት ትረካ አያቶቻችሁ የሚነግሯችሁ ካለ፣ የነገራችሁ ማን እንደሆነና መቼ እንደነገራችሁ ጽፋችሁ በአንጋቦ ምትክ አስገቡት፤ በካምባትኛ የሰማችሁትንም በካምባትኛ ጻፉት፣ ከሥሩ ወደ አማርኛ መልሱት። ፐርሲየስን አታስወጡት። እሱን የምፈልገው ለማሸነፍ ወይም ለመሸነፍ ሳይሆን ያ ትረካ የሚጠይቀውን ጥያቄ እሱም እንዲመልስ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህራችሁ